480,000 ብሩ ከየት መጣ? የአንድን ማሽን የመዝገብ ዋጋ ከዓመታት በኋላ መፈተሽ

ሰኔ 30 ሲደርስና የበጀት ዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ፣ በየድርጅቱ የሒሳብ ክፍል ከሚገላበጡት ወረቀቶች አንዱ የቋሚ ንብረት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ ካለፈው ዓመት ተገልብጦ፣ አንድ ዓመት ተጨምሮበትና ተደምሮ ይፈረማል፤ መነሻው ትክክል መሆኑን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የገባች አንዲት ስህተት እስከ ማሽኑ ዕድሜ ፍጻሜ ድረስ ተከትላ የምትሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው አንድ መስመር ብቻ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት አለ እንበል። በቋሚ ንብረት ዝርዝሩ ላይ «ኦፍሴት ማተሚያ ማሽን፣ የተገዛበት ዋጋ 960,000 ብር፣ የመዝገብ ዋጋ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 480,000 ብር» ተብሎ ሰፍሯል። ማተሚያ ቤቱም ቁጥሮቹም ለምሳሌ የተዘጋጁ ናቸው፤ የስህተቱን ዓይነት ግን ሒሳብ የሚመረምር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥያቄያችን ይህ 480,000 ትክክል ነው ወይ፣ ካልሆነስ ከየት መጣ የሚል ነው።

የእርጅና ቅናሽ ምን ማለት ነው?

አንድ ቤተሰብ በጥር ወር ጤፍ ሲረክስ የዓመቱን ቀለብ በአንድ ጊዜ ይሸምታል። ገንዘቡ የወጣው በጥር ነው፤ ጤፉ ግን የሚበላው በየወሩ ነው። የቤቱን የወር ወጪ በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጠቅላላውን ዋጋ በጥር ላይ ጭኖ የቀሩትን ወራት ያለ ቀለብ እንዳለፉ አድርጎ አይጽፍም፤ በየወሩ ከቋቱ የወጣውን ያህል ያስባል እንጂ። የእርጅና ቅናሽ፣ በመሥሪያ ቤት አነጋገር ዲፕሪሲዬሽን፣ በማሽን ላይ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ማሽኑ በአንድ ቀን ይገዛል፤ ዋጋው ግን በሚያገለግልባቸው ዓመታት ሁሉ ላይ ወጪ ሆኖ ይከፋፈላል።

ለየዓመቱ የሚደርሰው ድርሻ እኩል ከሆነ ዘዴው ቀጥተኛ የእርጅና ቅናሽ ይባላል። ከማሽኑ ዋጋ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ በወጪነት የተያዘው ድምር የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ ሲሆን፣ የተገዛበት ዋጋ ከዚህ ድምር ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ የመዝገብ ዋጋ፣ ወይም ብዙዎቻችን እንደምንጠራው ቡክ ቫሊዩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የመዝገብ ዋጋ ራሱን የቻለ የሒሳብ መደብ የለውም። በሒሳብ ቋቱ ውስጥ ያሉት የማሽኑ ዋጋና የተጠራቀመው ቅናሽ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የመዝገብ ዋጋ ሁልጊዜ ከነሱ በመቀነስ የሚገኝ ውጤት ነው። ይህች ነጥብ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

ስሌቱ በምን በምን ላይ ይቆማል?

በአራት ነገሮች ላይ ነው፤ ሁሉም ከማስሊያው ውጭ፣ ከሰነድ ላይ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ፍተሻው የሚጀምረው ከማስሊያ ሳይሆን ከፋይል መደርደሪያ ነው።

የመጀመሪያው የተገዛበት ዋጋ ነው። በምሳሌያችን የሻጩ ደረሰኝ 1,035,000 ብር ይላል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 135,000 ብሩ በ15 በመቶ የታሰበ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ማተሚያ ቤቱ ለዚህ ታክስ የተመዘገበ ስለሆነና ከሚሰበስበው ላይ ስለሚያቀናንሰው፣ ታክሱ የማሽኑ ዋጋ አካል አይሆንም፤ የቀረው 900,000 ብር ነው። በዚህ ላይ የማጓጓዣ 36,000 ብር፣ ማሽኑን ለመትከል፣ የኤሌክትሪክ መስመር ለመዘርጋትና የሙከራ ኅትመት ለማካሄድ የወጣ 24,000 ብር ይጨመራል፤ ማሽኑን ለሥራ ለማብቃት የግድ የወጡ ናቸውና። ድምሩ 960,000 ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው ማለት ነው። ማተሚያ ቤቱ ለታክሱ ያልተመዘገበ ቢሆን ኖሮ 135,000 ብሩም ተመላሽ ስለማይሆን ከዋጋው ጋር ይደመር ነበር።

ሁለተኛው፣ ማሽኑ አገልግሎቱን ሲጨርስ ሊሸጥበት ይችላል ተብሎ የሚገመተው ገንዘብ ነው። በብዙ ጽሑፎች ላይ ይህ «ቀሪ ዋጋ» ይባላል። እኔ እዚህ «የመጨረሻ ዋጋ» የምለው ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው የመዝገብ ዋጋንም «ቀሪ ዋጋ» ስለሚለው፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ማተሚያ ቤቱ ማሽኑ ሲያረጅ ለመለዋወጫና ለቁርጥራጭ ብረት፣ ቆራሌውም ይሁን ሌላ ገዢ፣ 60,000 ብር ያወጣልኛል ብሎ ገምቷል። ይህ ገንዘብ ከሽያጭ ተመልሶ ስለሚመጣ ወጪ አይሆንም፤ ስለዚህ ለዓመታት የሚከፋፈለው 960,000 ሳይሆን 900,000 ብር ነው።

ሦስተኛው የአገልግሎት ዘመን ሲሆን፣ ማተሚያ ቤቱ በሒሳብ ፖሊሲው 10 ዓመት ብሎ ይዞታል። አራተኛው ማሽኑ ለሥራ ዝግጁ የሆነበት ቀን ነው። ይህ ቀን ገንዘቡ የተከፈለበት ወይም ማሽኑ ከመኪና የወረደበት ቀን አይደለም። ማሽናችን በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደርሶ፣ ጥቅምቱን ሲተከልና ሲሞከር ቆይቶ፣ ኅዳር 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ለሥራ ዝግጁ ስለመሆኑ የርክክብ ሰነድ ተፈርሞበታል። ቅናሹ መታሰብ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው። ከተጀመረ በኋላ መብራት ጠፍቶም ሆነ ሥራ ቀዝቅዞ ማሽኑ ለሁለት ወር ቢቆም እንኳ በቀጥተኛው ዘዴ ቅናሹ አይቋረጥም፤ የሚታሰበው በጊዜ እንጂ በታተመው ወረቀት ብዛት አይደለምና።

ትክክለኛው የመዝገብ ዋጋ ስንት ነው?

900,000 ብር ለ10 ዓመት ሲካፈል በዓመት 90,000፣ በወር 7,500 ብር ይደርሳል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ማሽኑ በመጀመሪያው ዓመት ያገለገለው ከኅዳር እስከ ሰኔ ያሉትን 8 ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ የ2013 በጀት ዓመት ቅናሽ 60,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት ሙሉ ናቸው።

| ሰኔ 30 | የዓመቱ ቅናሽ | የተጠራቀመ ቅናሽ | የመዝገብ ዋጋ |
|---|---|---|---|
| 2013 | 60,000 | 60,000 | 900,000 |
| 2014 | 90,000 | 150,000 | 810,000 |
| 2015 | 90,000 | 240,000 | 720,000 |
| 2016 | 90,000 | 330,000 | 630,000 |
| 2017 | 90,000 | 420,000 | 540,000 |

በሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. መጻፍ የነበረበት 540,000 ብር ነው። ዝርዝሩ 480,000 ስለሚል የ60,000 ብር ጉድለት አለ ማለት ነው።

የራሳችንን ስሌትስ በምን እናምናለን?

በመጣንበት መንገድ ደግመን ብናሰላ ያንኑ ስህተት ልንደግም እንችላለን። የተሻለው ከሌላው ጫፍ መጀመር ነው። የማሽኑ ዕድሜ 10 ዓመት፣ ማለትም 120 ወር ነው። ከኅዳር 2013 እስከ ሰኔ 2017 ድረስ 8 ወርና አራት ዓመት፣ በድምሩ 56 ወር አልፏል፤ የቀረው 64 ወር ነው። 64 ወር በ7,500 ብር ሲባዛ 480,000 ብር ይመጣል። ይህ ገና ወደፊት ወጪ የሚሆነው ገንዘብ ነው። በመጨረሻም ማሽኑ 60,000 ብር ዋጋ ይዞ መቅረት ስላለበት እሱን ስንጨምር 540,000 እናገኛለን። ከፊት የመጣውና ከኋላ የመጣው ስሌት አንድ ቁጥር ላይ ተገናኙ።

አንባቢ ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። 480,000 የሚለው፣ በዝርዝሩ ላይ ስህተት ነው ያልነው ቁጥር፣ በዚህ ስሌት መሐል ብቅ አለ። በአጋጣሚ ነው ወይስ ምክንያት አለው?

ታዲያ 480,000 ከየት መጣ?

ፈታሽ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉድለቱ 60,000 ብር ነው፤ የማሽኑ የመጨረሻ ዋጋም 60,000 ብር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆናቸውን ያየ ሰው «በቃ፣ የመጨረሻውን ዋጋ ሁለት ጊዜ ቀንሰውት ነው» ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ይችላል። ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ወደ 480,000 የሚያደርስ ሌላ መንገድም አለ፤ ሁለቱን መለየት የሚቻለውም የመዝገብ ዋጋውን ብቻ በማየት አይደለም።

የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው። ሠራተኛው የዓመቱን ቅናሽ በትክክል 90,000፣ የመጀመሪያውን ዓመት በትክክል 60,000 አድርጎ መዝግቧል፤ የተጠራቀመውም 420,000 ነው። የመዝገብ ዋጋውን ለመጻፍ ሲቀመጥ ግን 420,000ውን ከ960,000 ሳይሆን ከ900,000 ላይ ቀነሰ። ዓመታዊውን ድርሻ ሲያሰላ በጭንቅላቱ የያዘው 900,000 ነበርና እሱን ይዞ ቀጠለ። ያገኘው 480,000 ትርጉም የሌለው ቁጥር አይደለም፤ በቀሩት 64 ወራት ወጪ የሚሆነው ገንዘብ ነው። ማሽኑ በመዝገብ ላይ የያዘው ዋጋ ግን እሱ አይደለም። «ቀሪ» የምትለው ቃል የምታሳስተውም እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ይለያል። ሠራተኛው የመጨረሻውን ዋጋ ጨርሶ ረስቶ 960,000ን በቀጥታ ለ10 አካፈለና ዓመታዊ ቅናሹን 96,000 አደረገው። በዚህ ላይ ማሽኑ በ2013 የተገዛ ነው ብሎ ለ2013ም የሙሉ ዓመት ቅናሽ ያዘ። አምስት ጊዜ 96,000 ብር 480,000 ነው፤ ከ960,000 ሲቀነስ 480,000 ይቀራል። እዚህ ውስጥ ያሉት ስህተቶች ሁለት ናቸው፤ የጉድለቱ ድምር ከመጨረሻው ዋጋ ጋር እኩል የሆነው ደግሞ በአጋጣሚ ብቻ ነው።

ልዩነታቸው የሚታየው ዓምዶቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ የተገዛበት ዋጋ 960,000፣ የተጠራቀመው 420,000፣ የመዝገብ ዋጋ 480,000 ተብሎ ይቀመጣል፤ አንድ ተራ መቀነስ ብቻ ስህተቱን ያጋልጠዋል፤ ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አይስማሙምና። ሁለተኛው ዝርዝር ግን በውስጡ ፍጹም ስምም ነው። 960,000 ሲቀነስ 480,000 እኩል ይሆናል 480,000። የባለፈው ዓመት ድምር ላይ የዘንድሮው 96,000 ሲጨመር ከዘንድሮው ድምር ጋር ይገጥማል፤ በትራያል ባላንሱም ላይ ይኸው ቁጥር አለ። ድምሩን ብቻ የሚፈትሽ ሰው ምልክት አድርጎ ያልፈዋል። እንደ እኔ ግምት በየመሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚኖረው እንዲህ ያለው ስህተት ነው፤ የተስማማ ቁጥር አመኔታ ያሳድራልና።

ይህን ሁለተኛውን ዓይነት የሚያጋልጡ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ የዓመቱ ቅናሽ በአገልግሎት ዘመኑ ሲባዛ ምን ይሰጣል የሚል ነው። 96,000 በ10 ሲባዛ 960,000፣ ማለትም የማሽኑን ሙሉ ዋጋ ይሰጣል፤ የሒሳብ ፖሊሲው የመጨረሻ ዋጋ አለው ካለ ይህ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው፣ የተጠራቀመው ቅናሽ ለዓመታዊው ሲካፈል ምን ይሰጣል የሚል ነው። 480,000 ለ96,000 ሲካፈል ድፍን 5 ይመጣል። በዓመቱ መካከል ሥራ የጀመረ ማሽን በሰኔ 30 ድፍን ዓመታትን ሊያስቆጥር አይችልም፤ ትክክለኛው 420,000 ለ90,000 ሲካፈል 4 ዓመት ከሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 4 ዓመት ከ8 ወር ነው የሚሰጠው።

ኤክሴል ካሰላውስ መፈተሽ ያስፈልጋል?

ኤክሴል ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ አለው፤ የተገዛበትን ዋጋ፣ የመጨረሻውን ዋጋና የአገልግሎት ዘመኑን በቅደም ተከተል ይቀበላል።

```
=SLN(960000,60000,10)
```

መልሱ 90,000 ነው፤ ትክክልም ነው። ትእዛዙ የማያውቀው ግን ማሽኑ ሥራ የጀመረበትን ቀን ነው። መልሱን በአምስት ዓመት ያባዛ ሰው 450,000 የተጠራቀመ ቅናሽና 510,000 የመዝገብ ዋጋ ይዞ ይወጣል፤ የአራት ወር ቅናሽ፣ 30,000 ብር፣ ያለ አግባብ ገብቶበታል።

ወራቱን ራሱ ኤክሴል እንዲቆጥር ስናዘው ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ይህኛው በተለይ በእኛ አቆጣጠር ለሚሠራ ሰው የሚገጥም ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ ኅዳር 1 ቀን 2013ን ወደ ኖቬምበር 10 ቀን 2020፣ ሰኔ 30 ቀን 2017ን ደግሞ ወደ ጁላይ 7 ቀን 2025 ቀይረን እንሰጠዋለን።

```
=DATEDIF(DATE(2020,11,10),DATE(2025,7,7),"m")
```

የሚመልሰው 56 ሳይሆን 55 ነው። በእሱ አቆጣጠር 56ኛው ወር የሚሞላው ጁላይ 10 ላይ ስለሆነ ጥቂት ቀን ጎድሎበታል። በዚህች አንድ ወር ብቻ የመዝገብ ዋጋው ከ540,000 ወደ 547,500 ከፍ ይላል። በፍተሻ ላይ የልዩነቱ መጠን ልክ የአንድ ወር ቅናሽ ያህል፣ እዚህ 7,500 ብር፣ ሆኖ ሲገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የቀን ቅየራው ነው።

ጳጉሜንስ የት ትገባለች?

ጳጉሜን እንደ አንድ ወር ቆጥሮ ዓመቱን ለ13 ማካፈል ሌላው የታወቀ ስህተት ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት 90,000 ብር ለ13 አካፍሎ በ8 ያባዛና 55,384.62 ብር ያገኛል። ሳንቲሙ ራሱ ይናገራል፤ በምሳሌያችን የወሩ ድርሻ ድፍን 7,500 ስለሆነ በወር የታሰበ ቅናሽ ሳንቲም ይዞ ሊመጣ አይገባም ነበር። በወር በሚታሰብበት ቦታ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ተጠቃልላ፣ ዓመቱ 12 ወር ሆኖ ይታሰባል። የድርጅቱ ፖሊሲ ቅናሹን በቀን የሚያሰላ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከኅዳር 1 እስከ ሰኔ 30 ድረስ 240 ቀን ስላለ፣ ከ365ቱ ተካፍሎ 59,178.08 ብር ይመጣል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ከዓመት ዓመት በአንድ መንገድ እስከተሠራበት ድረስ።

ቁጥሩ ባይገጥምም ስህተት የማይሆነው መቼ ነው?

ፈታሽ ልዩነት ባገኘ ቁጥር ስህተት አገኘሁ ማለት የለበትም። ለዚህ ሦስት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ግምቱ ተቀይሮ ከሆነ ነው። በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች የሚመራ ድርጅት የንብረቱን የአገልግሎት ዘመንና የመጨረሻ ዋጋ ቢያንስ በየዓመቱ መጨረሻ መልሶ ማየት አለበት። ማተሚያ ቤቱ ሰኔ 30 ቀን 2017 ላይ የማሽኑ መለዋወጫ ከገበያ እየጠፋ መሆኑን አይቶ «ከዚህ በኋላ የሚያገለግለን 4 ዓመት ብቻ ነው» ብሎ ቢወስን፣ ያለፈውን አይነካም። ከ540,000 ላይ 60,000 ቀንሶ የቀረውን 480,000 ለ4 ያካፍልና ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በዓመት 120,000 ይይዛል። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ፈታሽ በቀድሞው ስሌት ብቻ ከሄደ ትክክለኛውን መዝገብ ስህተት ይለዋል፤ ስለዚህ ማስሊያ ከማንሳቱ በፊት የውሳኔ ቃለ ጉባኤ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው የግብር ሠንጠረዥ ነው። ለግብር የሚታሰበው ቅናሽ በድርጅቱ ግምት አይመራም፤ ተመኑን የሚወስነው ሕግ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 ለብቻቸው ተመን ላልወጣላቸው ንብረቶች በቀጥተኛው ዘዴ 15 በመቶ አስቀምጧል። የማተሚያ ማሽኑ በዚህ ውስጥ ስለሚወድቅ ለሙሉ ዓመት የሚታሰበው 144,000 ብር ነው። በአንድ ማሽን ላይ 90,000ም 144,000ም በአንድ ዓመት ውስጥ ተጽፈው ቢገኙ፣ አንዱ ለሒሳብ መግለጫ፣ ሌላው ለግብር ማስታወቂያ እስከሆነ ድረስ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስህተት የሚሆነው አንዱ በሌላው ፋይል ውስጥ ሲገባ ነው።

ሦስተኛው የገበያ ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ማሽኖች በብር ሲታሰቡ በጣም ተወድደዋል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት «ይህን ማሽን ዛሬ ብሸጠው ከገዛሁበት በላይ ያወጣል፤ እንዴት 540,000 ብቻ ይባላል?» ቢል አነጋገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመዝገብ ዋጋ ከተከፈለው ገንዘብ ውስጥ ገና ወጪ ያልሆነው እንጂ የገበያ ግምት አይደለም። ለባንክ ብድር መያዣ የሚያስፈልገው የንብረት ገማች ዋጋ የተለየ ነው፤ ድርጅቱ ንብረቱን እንደገና አስገምቶ በዚያ ዋጋ ለመመዝገብ ካልወሰነ በቀር ሁለቱን ማነጻጸር ለፍተሻ አይጠቅምም።

ስህተቱ ከተገኘ በኋላስ?

እርማቱ የሚወሰነው 480,000 በየትኛው መንገድ እንደመጣ በማወቅ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ከሆነ በሒሳብ ቋቱ ውስጥ ያለው የተጠራቀመ ቅናሽ 420,000 ስለሆነ ምንም የእርማት ምዝገባ አያስፈልግም። የተሳሳተው በዝርዝር ወረቀቱ ላይ ያለው የመዝገብ ዋጋ ዓምድ ብቻ ነው፤ ዓምዱን ማስተካከልና ከዚያ ወረቀት ላይ ቁጥር የተወሰደበት ሪፖርት ካለ እሱንም ማረም በቂ ነው። የጉድለቱን እኩያ አይቶ 60,000 ብር የመለሰ ሰው ግን ትክክለኛውን ቋት ያበላሻል።

በሁለተኛው መንገድ ከሆነ ስህተቱ ቋቱ ውስጥ ገብቷል፤ በየዓመቱም ተከፋፍሏል። በ2013 የተያዘው 96,000፣ መያዝ የነበረበት 60,000 ስለሆነ 36,000 ብር ተርፏል። ከ2014 እስከ 2017 ባሉት አራት ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ 6,000 ብር ተርፏል፤ ድምሩ 60,000 ይሆናል። የ2017 ሒሳብ ገና ካልተዘጋ የዚህ ዓመት 6,000 ብር ከዘንድሮው የቅናሽ ወጪ ላይ ተቀንሶ ይታረማል። የቀሩት ዓመታት 54,000 ብር ግን ዘንድሮ የተገኘ ትርፍ ስላልሆነ በዘንድሮው ውጤት ውስጥ መግባት የለበትም። መጠኑ የመግለጫውን ተጠቃሚ ውሳኔ ሊለውጥ የሚችል ከሆነ የተጠራቀመው ቅናሽ በዚያው ልክ ተቀንሶ ካለፉት ዓመታት በዞረው ትርፍ መነሻ ላይ ይጨመራል፤ ለንጽጽር የሚቀርበው የ2016 ዓምድም ተስተካክሎ ይታያል። በግብሩ በኩል ቅናሹ በራሱ ተመን ሲታሰብ የኖረ ከሆነ የተከፈለው ግብር በዚህ ስህተት አይነካም፤ ድርጅቱ የዘገየ ግብር፣ ማለትም በሒሳብ መግለጫውና በግብር ሠንጠረዡ መካከል ካለው ልዩነት የሚመጣውን የወደፊት ግብር፣ በመዝገቡ የሚይዝ ከሆነ ግን እሱ መስተካከል ይኖርበታል።

ከእርማቱ በኋላ የ2018 ዝርዝር የሚጀምረው በ420,000 የተጠራቀመ ቅናሽና በ540,000 የመዝገብ ዋጋ ነው። ግምቱ ካልተቀየረ የዓመቱ 90,000 ተጨምሮ ሰኔ 30 ቀን 2018 ላይ 510,000 እና 450,000 ይሆናሉ። የማሽኑ 120ኛ ወር የሚሞላው ጥቅምት 2023 መጨረሻ ላይ ስለሆነ የ2023 በጀት ዓመት የሚይዘው የአራት ወር ቅናሽ፣ 30,000 ብር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ እያተመ ቢቀጥልም መዝገቡ 60,000 ላይ ይቆማል።